ባለ ልደቷ ሳትሰማ ለ40ኛ ዓመት ልደቷ እንግዳ መጥሪያ፦ የመልእክት አጻጻፍ መመሪያ

ደሴ ውስጥ የጥሪ ወረቀትና የጥሪ መልእክት የማዘጋጀት ሥራ ስለምሠራ፣ ደንበኞቼ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያቀርቡልኛል፦ «ለእህቴ 40ኛ ዓመት ልደት ሳትሰማ ድግስ ልናሰናዳላት ነው፤ ለእንግዶቹ ምን ብዬ ልጻፍ?» ለእያንዳንዱ ጠያቂ በቃል ያስረዳሁትን እዚህ በተራ አስቀምጬዋለሁ። ምሳሌው ለሴት የተጻፈ ቢሆንም ባለ ልደቱ ወንድ ሲሆንም አሠራሩ አይለወጥም።

አሠራሩ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ምሥጢሩን ለሁለት ከፍለው ያስተላልፉታል። ድግሱ የማን እንደሆነና ለምን እንደተሰናዳ በአፍ ብቻ ይነገራል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ደግሞ በጽሑፍ ይላካል። ይህን የምልበት ምክንያት የተጻፈ መልእክት በላኪውና በተቀባዩ መካከል ብቻ ስለማይቀር ነው። እትዬ መነጽራቸውን ካላገኙ ስልኩን ለልጅ ልጃቸው ሰጥተው «እስቲ አንብቢልኝ» ይላሉ፤ ልጅቷም ጎረቤት ለቡና በተሰበሰበበት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች። የሚነበበው ቀንና ሰዓት ብቻ ከሆነ የሚሾልክ ነገር የለም። በሌላ በኩል በስልክ ብቻ የተጠራ እንግዳ ቀኑን ወይም ሰዓቱን ይረሳና ለማጣራት ሲል ባለ ልደቷን ራሷን ሊጠይቃት ይችላል። አንዱ ያለ ሌላው የማይበቃው ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የእንግዶች ስም ዝርዝር፣ በወረቀት ላይ የተጻፈ። በቤተሰብ ስልክ ውስጥ አይመዝግቡት።
- አንድ አስተባባሪ፣ ስልኩን ወይም ስልኳን ባለ ልደቷ የማታነሣው ሰው። ባል ለዚህ አይሆንም፤ እጁ በሥራ ሲያዝ ስልኩን የምታነሣለት ሚስቱ ናትና።
- ሁለት ወይም ሦስት ደዋዮች፣ ለየወገናቸው የሚደውሉ፤ አንዱ ለዘመድ፣ አንዱ ለጎረቤት፣ አንዱ ለሥራ ባልደረባ።
- እውነት የሆነ የመሰባሰቢያ ምክንያት። ከዚህ በኋላ «ሽፋን» እለዋለሁ።
- መልእክቱ ከመላኩ በፊት የሚሞከርበት ሁለተኛ ስልክ።

በምሳሌነት የምንከተለው ድግስ

ባለ ልደቷ ደሴ የምታስተምር መምህር ናት እንበል። የተወለደችው ግንቦት 12 ቀን 1978 ዓ.ም. ስለሆነ 40 ዓመት የሚሞላት ረቡዕ ግንቦት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ቤተሰቡ ድግሱን ከዚያ አስቀድሞ ለቅዳሜ ግንቦት 8 አድርጎታል፤ በልደቷ ዕለት አንድ ነገር እጠብቃለሁ የምትል ሰው አራት ቀን ቀደም ብሎ አትጠብቅምና። ቦታው ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚገኘው የታላቅ እህቷ ቤት ሲሆን አስተባባሪዋም ይህችው እህት ናት። ሠላሳ እንግዶች ይጠራሉ፤ የሚበዙት ከደሴ፣ ጥቂቶቹ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ፣ አራቱ ደግሞ ለበጋ ዕረፍታቸው ከውጭ አገር የሚመጡ ናቸው።

አሠራር

1. ሽፋኑን ይወስኑ፤ ባለ ልደቷም በዚያው ሽፋን ትጠራ።

በምሳሌያችን ወንድማቸው በዚያ ሳምንት ከአዲስ አበባ ይመጣል። ስለዚህ የጽሑፍ መልእክቱ «ወንድማችን ስለሚመጣ ተሰባስበን ማዕድ እንቆርሳለን» ይላል፤ ባለ ልደቷም ይኸው ይነገራታል። ጥቅሙ ትልቅ ነው። መልእክቱን በሰው ስልክ ላይ ድንገት ብታየው እንኳ የምታውቀውን ግብዣ ነው የምታየው፤ «እኔ ያልተጠራሁበት ምንድን ነው?» ብላ የምትጠይቅበት ምክንያት አይኖርም። ብዙ ሰው ይህን አይሠራም። ከባለ ልደቷ የተደበቀ ሌላ ዝግጅት ይፈጥርና መልእክቱ አንድ ጊዜ ከታየ ሁሉም ነገር ይፈርሳል።

ሽፋኑ እውነት ይሁን። ወንድምየው የማይመጣ ከሆነ ደውላ «መቼ ትገባለህ?» ማለቷ አይቀርም። ሕመምን፣ ለቅሶን ወይም ሃይማኖታዊ ሥርዓትን፣ ለምሳሌ ዱዓን ወይም ዝክርን፣ ሽፋን አያድርጉ። ሰው በእንዲህ ያለ ነገር ደንግጦ ወይም በአክብሮት ተዘጋጅቶ መጥቶ ሌላ ነገር ሲያገኝ ያዝናል፤ ሐዘኑም በድግሱ ላይ ይከተለዋል።

2. ሰዓቱን ሁለት ያድርጉ፤ ለእንግዶች ግን አንዱን ብቻ ይስጡ።

እንግዶች ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ባለ ልደቷ 11 ሰዓት ትጠራ። አንድ ሰዓት የተተወው ለዘገየ ሰው ነው። ግማሽ ሰዓት ብቻ ከተተወ፣ የዘገየው እንግዳና ባለ ልደቷ ከበሩ ላይ ይገናኛሉ። እርሷ የምትደርስበትን ሰዓት ለእንግዶች አይንገሩ፤ የነገሩት እንደሆነ የሚበዛው ሰው ያንኑ ሰዓት ይዞ ይመጣል።

ይህ ሰዓት ለወሎ ሰው የሚስማማበት ሌላም ምክንያት አለ። የዐሱር ሶላት ካለፈ በኋላ፣ መግሪብ ሳይደርስ ስለሆነ ሙስሊም እንግዶች ባለ ልደቷ በምትገባበት ቅጽበት ለሶላት አይነሡም፤ ከኮምቦልቻ የመጡትም እጅግ ሳይመሽ የሐረጎን ቁልቁለት ሊወርዱ ይችላሉ። ግንቦት 8 በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል የፆም ነገርም አያሳስብም። ድግሱን በሌላ ወቅት የሚያደርጉ ከሆነ ግን ቀኑን ከመጻፍዎ በፊት የሁለቱንም ወገን ፆም ያረጋግጡ።

3. በመጀመሪያ ይደውሉ፤ የሚነገረውንም አስቀድመው በወረቀት ያስፍሩ።

ጥሪው ከሳምንት ገደማ በፊት ቢደረግ ይበቃል። ምሥጢር የሚቆይበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር የሚያውቀው ሰው ይበዛልና አስቀድሞ መንገር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ጉዞ ማመቻቸት ላለባቸው ብቻ ሁለት ሳምንት ይስጡ። በምሳሌያችን ደዋዮቹ ሰኞ ግንቦት 3 ባለ ልደቷ ክፍል ገብታ በምታስተምርበት ሰዓት ለዘመድና ለጎረቤት ይደውላሉ። ለመምህራን ባልደረቦቿ ግን በዚያ ሰዓት መደወል አይገባም፤ አጠገባቸው ተቀምጣ ይሆናል። ለእነርሱ እሑድ ማታ ይደወላል።

ደዋዩ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገሩ ጥያቄ ይሁን፦ «ብቻዎን ነዎት? አሁን ማውራት ይመችዎታል?» ካልተመቸ ሌላ ጊዜ ይደውላል። ከተመቸ አራት ነገር ይናገራል፤ ልደቱ የማን እንደሆነ፣ ባለ ልደቷ እንዳልሰማች፣ የጽሑፍ መልእክት እንደሚከተልና በጽሑፉ ላይ ስለ ልደት ምንም እንደማይገኝ፣ በመጨረሻም እስከ ቅዳሜ ድረስ እንኳን አደረሰሽ እንዳይሏት። ሦስተኛውን የዘለለ ደዋይ ችግር ይፈጥራል፤ እንግዳው መልእክቱን አይቶ «ይሄ ሌላ ግብዣ ነው እንዴ?» እያለ ወዲያና ወዲህ ይደውላል።

ለትልልቅ ሰዎች ደግሞ ከተቻለ ቤታቸው ድረስ ይሂዱ። አክብሮት ነው፤ ለምሥጢሩም ይበጃል፤ በአካል የተነገራቸው አዛውንት ነገሩን እንደ አደራ ይይዙታል።

4. የጽሑፍ መልእክቱን ይጻፉ።

ለደሴው እንግዳ የሚላከው ይህን ይመስላል፦

> ሰላም እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? በስልክ እንደነገርኩዎት ወንድማችን ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ ቅዳሜ ግንቦት 8 ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቧንቧ ውሃ እኛ ቤት ማዕድ እንቆርሳለን። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ማዕድ ለየብቻው ይሰናዳል። ቤቱ እንዳይጠፋዎት ከባጃጅ ሳይወርዱ ይደውሉልኝ። መምጣትዎን እስከ ዓርብ በዚሁ ቁጥር ይንገሩኝ።

እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር የራሱ ሥራ አለው። ሰላምታው መጀመሪያ ላይ የገባው ለወግ ብቻ አይደለም። ስልክ ተቆልፎ ሳለ መልእክት ሲገባ በመስተዋቱ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው መሥመር ወይም ሁለቱ ነው፤ ሰላምታችን ያንን ቦታ ይሞላዋል። «ምሥጢር ነው፣ ብቻዎን ያንብቡት» ብሎ መጀመር ግን አጠገብ የተቀመጠውን ሁሉ ዓይን ይስባል።

ስለ ማዕዱ የተጻፈው ዐረፍተ ነገር እንግዳውን ከጥያቄ ያሳርፈዋል። በእኛ አገር ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ ስለሚጠራ፣ ሥጋው የማን እንደሆነ ያልተነገረው ሰው ማጣራቱ አይቀርም፤ ሲያጣራም ማንን እንደሚጠይቅ አይታወቅም። «ከባጃጅ ሳይወርዱ ይደውሉልኝ» የሚለው ደግሞ የዘገየውን እንግዳ ለመያዝ የተጻፈ ነው። ሲደውል 11 ሰዓት ደርሶ ከሆነ አስተባባሪዋ ትንሽ ራቅ ብሎ እንዲቆይ ትነግረዋለች። ለማያውቅ አንባቢ ቤት የመጠቆም ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል።

መልእክቱ ውስጥ የሌሉትንም ልብ ይበሉ። የባለ ልደቷ ስም የለም፤ ልደት፣ ኬክ፣ ስጦታና 40 የሚባል ነገር የለም። ስለ ስጦታና ስለ መዋጮ የሚባል ነገር ካለ በስልክ ይነገር። መዋጮ በቴሌብር የሚሰበሰብ ከሆነም ገንዘቡ ወደ አስተባባሪዋ ቁጥር እንጂ ወደ ባልየው አይላክ፤ ገንዘብ በገባ ቁጥር የሚደርሰው አጭር መልእክት የላኪውን ስምና መጠኑን ይዞ ስለሚመጣ፣ በተከታታይ ከገባ ያየ ሁሉ ይጠይቃል።

5. ለባለ ልደቷ የሚላከውን በዚያው ቃል ይጻፉ።

> ሰላም እህት ዓለሜ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ወንድማችን ስለሚመጣ ቅዳሜ ግንቦት 8 ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እኛ ቤት ማዕድ እንቆርሳለን። እንዳትቀሪ።

ይህ መልእክት ከሌሎቹ በፊት ይላክላት። ቀድማ ካወቀች፣ በኋላ የምትሰማው ወሬ ሁሉ እርሷ ከምታውቀው ጋር ይገጥማል። የሰዓቱን ልዩነት ካየች መልሱ የተዘጋጀ ይሁን፦ «እነርሱ በሥራ ሊያግዙን ቀደም ይላሉ፤ አንቺ ከሥራ ስለምትደክሚ ነው» ይባላል። እንግዲያው እኔም ቀድሜ ላግዝ እንዳትል፣ ከሰዓት በኋላ የሚያቆያት አንድ ሰው አስቀድሞ ይመደብ።

6. በጽሑፍ ብቻ ለሚገኙ እንግዶች የተለየ መልእክት ያዘጋጁ።

ውጭ አገር ላለ ዘመድ በሰዓት ልዩነት ምክንያት መደወል ካልተቻለ ሁሉም ነገር መጻፍ አለበት። ይህ መልእክት ምሥጢሩን ሙሉ የያዘ ብቸኛው ጽሑፍ ስለሆነ ከሌሎቹ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

> ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ሥራው፣ ጤናው እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ እናታችንም ሰላም ትልዎታለች።
>
> የሚከተለው ለእርስዎ ብቻ ነው። መምህሯ እህታችን በዚህ ወር 40 ዓመት ስለሚሞላት፣ እርሷ ሳትሰማ የልደት በዓል አሰናድተንላታል። ቀኑ ቅዳሜ ግንቦት 8 ቀን 2018 ዓ.ም. (እዚያ ሜይ 16)፣ ሰዓቱ በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት (እዚያ ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት የምትሉት)፣ ቦታው ቧንቧ ውሃ እኛ ቤት ነው። እርሷ የምታውቀው ወንድማችንን ለመቀበል እንደምንሰባሰብ ብቻ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እንኳን አደረሰሽ እንዳይሏት፣ በፌስቡክም ስለ ልደቷ ምንም እንዳይለጥፉ አደራ እላለሁ። አንብበው ሲጨርሱ «እሺ» ብለው ይመልሱልኝ፤ ከዚያ መልእክቱን አጠፋዋለሁ።

በቴሌግራም ለአንድ ሰው የተላከ መልእክት ላኪው ሲያጠፋው ከተቀባዩም ስልክ እንዲጠፋ ማድረግ ስለሚቻል ለዚህ ጽሑፍ ቴሌግራም ይመረጣል። ሁለቱን አንቀጾች በአንድ መልእክት ይላኩ። ለየብቻ ከላኩ በስልኩ ላይ መጀመሪያ የሚታየው በመጨረሻ የገባው ስለሚሆን፣ የሰላምታው ሽፋን ዋጋ አይኖረውም።

«የእህታችን አርባ» ብለው በአጭሩ አይጻፉ። ከሩቅ ያለ ክርስቲያን ዘመድ ይህን ሲያነብ የሚመጣበት የሙት አርባ ነው። «40 ዓመት ስለሚሞላት» ተብሎ ተሟልቶ ይጻፍ።

7. ይሞክሩት።

መልእክቱን ወደ ሁለተኛው ስልክ ይላኩና ስልኩ ተቆልፎ እንዳለ በመስተዋቱ ላይ የሚታየውን ያንብቡ። ከሰላምታው አልፎ የሚታይ ነገር ካለ ሰላምታውን ያርዝሙት። ከዚያ ስለ ድግሱ ለማያውቅ ሰው የአራተኛውን ተራ መልእክት ያሳዩትና «ይህ ምን ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁ። «ዘመድ ሊመጣባችሁ ነው» ካለ ደህና ነው፤ «የምን ድግስ ነው?» ካለ ከሽፋኑ የሚወጣ ቃል አለና ፈልገው ያውጡት።

ቴሌግራም ለሌላቸው በተራ አጭር መልእክት የሚልኩ ከሆነ፣ በአማርኛ ፊደል አንዱ ገጽ ክፍት ቦታውን ጨምሮ የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው። ከዚያ ሲያልፍ እየተከፋፈለ ይሄዳል፤ በአሮጌ ስልክም ክፍሎቹ ሳይገጣጠሙ ሊገቡ ይችላሉ። ስለዚህ ለእነዚህ እንግዶች ሰላምታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ብቻ ይተዉና ሌላውን በቃል ይንገሩ።

8. ለየአንዳንዱ ይላኩ፤ በዕለቱም አንድ ጊዜ ያስታውሱ።

መልእክቱ ሐሙስ ግንቦት 6 ይላክ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ይህን ያስከትሉ፦

> ሰላም እትዬ፣ እንደምን አደሩ? ዛሬ 10 ሰዓት ላይ እንጠብቅዎታለን። ጫማዎን ወደ ውስጥ ይዘው ይግቡ።

የጫማው ነገር ትንሽ ቢመስልም ችላ አይበሉት። ባለ ልደቷ ግቢ ገብታ የወንድሟን መምጣት ስትጠብቅ ደጃፉ ላይ ሠላሳ ጥንድ ጫማ ተደርድሮ ካየች፣ በሩ ሳይከፈት ነገሩ ይገባታል።

ማስጠንቀቂያ

የቴሌግራም ቡድን አይክፈቱ። አንድ እንግዳ በደግነት ተነሥቶ «እርሷ ተረስታለች» ብሎ ባለ ልደቷን ሊያስገባት ይችላል፤ ሠላሳ ሰው ያለበት ቡድንም ምላሹና ድምፁ ቀኑን ሙሉ ስለማያቋርጥ የሰው ዓይን ይስባል።

ፎቶዋ ያለበት የጥሪ ካርድ ከድግሱ በፊት አይላክ። ምስል ከጽሑፍ ይልቅ ከሰው ወደ ሰው ይዛመታል፤ በብዙ ስልክም ከቤተሰብ ፎቶዎች ጋር ይቀመጣል፤ ልጆች ደግሞ ፎቶ ማየት ይወዳሉ። ካርዱን ማሠራት ከፈለጉ ታትሞ በድግሱ ዕለት ለማስታወሻ ይታደል።

ለልጆች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይነገር።

የተለመዱ ስሕተቶች

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው አስቀድሞ መመረቅ ነው። ሰውየው ምሥጢሩን ጠብቆ ከርሞ፣ ልደቷ እንደቀረበ ሲያስብ ባለ ልደቷን መንገድ ላይ ሲያገኛት «አርባ ዓመት ገባሽ አይደል? ዕድሜ ይስጥሽ» ይላታል። ደዋዩ አራተኛውን ነገር ሳይረሳ እንዲናገር አጥብቄ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ የመልስ ቁጥር አለመጻፍ ወይም ሁለት ቁጥር መጻፍ ነው። ቁጥር ከሌለ እንግዳው የሚያውቀውን ቁጥር ይደውላል፤ ያም የባለ ልደቷ ቤት ሊሆን ይችላል። ሁለት ቁጥር ሲኖር ደግሞ ማን እንደሚመጣ አንዱ አስተባባሪ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም። መልእክቱ የሚላከው መልስ ከሚቀበለው ስልክ ብቻ ይሁን።

ሦስተኛው፣ ሰዓቱ ሲለወጥ ለሁሉም አዲስ መልእክት መላክ ነው። ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች በሰው ስልክ ላይ ከተቀመጡ የሚመጣው ሰው ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ይመጣል። የግድ መለወጥ ካለበት በስልክ ይነገርና የቅዳሜ ጠዋቱ መልእክት አዲሱን ሰዓት ይያዝ።

ባለ ልደቷ ከጠረጠረች

ምልክቱ ብዙ ጊዜ ጥያቄዋ ነው። «ስንት ሰው ነው የጠራችሁት?» ወይም «ምን ልልበስ?» ብላ ከጠየቀች አስተባባሪዋ ብቻ ትመልስላት፤ ሌላው ሁሉ «እህትሽን ጠይቂያት» ይበል። የተለያየ ሰው የተለያየ መልስ ከሰጣት ጥርጣሬዋ ይጨምራል። መልእክቱን በሰው ስልክ ላይ አይታው ከሆነም አይደንግጡ፤ «አዎ፣ እነ እትዬም ተጠርተዋል፤ ወንድማችንን ካዩት ቆይተዋል» ማለት ይበቃል። ለእንግዶቹ «ጠርጥራለች፣ ተጠንቀቁ» የሚል መልእክት አይላኩ፤ በማንም ስልክ ላይ ያልተቀመጠውን ምሥጢር በሠላሳ ስልክ ላይ የሚጽፈው ይህ መልእክት ይሆናል።